ስንት ሲኒ ከአንድ ኪሎ?

ማርኬቲንግ ሳስተምር በየሴሚስተሩ የምሰጠው አንድ አሳይመንት አለ። ተማሪዎች አራት አራት ሆነው አንድ ትንሽ የጀበና ቡና ቦታ ይመርጣሉ፤ ከዚያም ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ማስተዋወቅ በሚሉት አራት ርዕሶች የማርኬቲንግ ዕቅድ ያዘጋጁለታል። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ቡና ሲፈላ አይቶ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ብዙዎቹም ቤታቸው ያፈላሉ። የሚመጡልኝ ወረቀቶች ግን አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። በምርት ሥር «ጥራት ያለው ቡና እናቀርባለን» ይላሉ፤ በዋጋ ሥር «ተመጣጣኝ ዋጋ»፣ በቦታ ሥር «ለደንበኛ አመቺ የሆነ ቦታ»፣ በማስተዋወቅ ሥር ደግሞ «በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በሬዲዮ»። ከወረቀቱ ላይ «ቡና» የሚለውን ሰርዤ «ጫማ» ብተካበት አንድም ዓረፍተ ነገር አይበላሽም። ያኔ ተማሪዎቹን ጠርቼ ሄደው እንዲቆጥሩ እነግራቸዋለሁ።

እነዚህ አራት ርዕሶች ከየት እንደመጡ ባጭሩ ልናገር። ኒል ቦርደን የተባለ የሃርቫርድ መምህር አንድ ነጋዴ ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮችን ሲዘረዝር 12 አድርሷቸው ነበር። ነጋዴውንም እንደ ወጥ ሠሪ ነበር የሚያየው፤ ያለውን ቅመም መጥኖ የሚቀላቅል ሰው። ጀሮም ማካርቲ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ መምህር በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የማርኬቲንግ መማሪያ መጽሐፍ ዝርዝሩን ወደ አራት ሰበሰበው። አራቱም በእንግሊዝኛ በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ተማሪ በቀላሉ ያስታውሳቸዋል። ማካርቲ በሣለው ሥዕል ላይ ግን አራቱ ብቻቸውን አልነበሩም። መሐል ላይ ደንበኛው ነበር። ተማሪዎቼ አራቱን ሸምድደው የሚረሱት ይህን የመሐሉን ነው።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንድ ቡድን የሠራውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ወረቀታቸው እንደ ሌሎቹ ነበር። ሁለተኛው ግን እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ነው፤ የተሻለ ያደረገውም ከመጽሐፍ ያገኙት ነገር አይደለም።

የመረጡት ቦታ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። በአንድ ወገን ባለ ብዙ ፎቅ የቢሮ ሕንፃ፣ በሌላው ወገን ገና በመሠራት ላይ ያለ ግንባታ አለ። በሁለቱ መካከል፣ በሸራ ጥላ ሥር፣ አንዲት እናት ረከቦታቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ስምንት በርጩማ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ጀበና አላቸው። ሲኒ የምታጥብና የምታቀርብ አንዲት ልጅ ታግዛቸዋለች። አንድ ሲኒ 20 ብር ይሸጣሉ።

ተማሪዎቹ ወጪያቸውን ለማስላት ጥሬ ቡና በኪሎ 700 ብር መሆኑን ጠየቁ፤ በአንድ ሲኒ ወደ 8 ግራም የተወቀጠ ቡና እንደሚገባም በሚዛን አረጋገጡ። ከዚያ 1,000ን ለ8 አካፈሉና 125 ሲኒ አገኙ። ለአንድ ሲኒ 5 ብር ከ60 መሆኑ ነው። ስሌቱን ሲያነቡላቸው ሴትዮዋ ሳቁ።

«ልጆቼ፣ ከኪሎ መቶ ሲኒ ካገኘሁ ተመስገን ነው።»

«እንዴት እትዬ? ሃያ አምስቱ ሲኒ የት ገባ?»

«ሲቆላ ይቀላል እኮ! ጥሬውንና የተቆላውን አንድ አደረጋችሁት። ደግሞ እንክርዳዱ አለ፣ የሚፈሰው አለ።»

ልክ ናቸው። ጥሬ ቡና ሲቆላ በውስጡ ያለው ውኃ ይተንናል፤ ክብደቱም ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል፤ አጥቁረው ሲቆሉት ደግሞ ከዚያም በላይ። ከአንድ ኪሎ ጥሬ ከ830 ግራም ያልራቀ የተቆላ ቡና ነው የሚገኘው። ለ8 ሲካፈል 103 ይመጣል፤ የተለቀመውንና የፈሰሰውን ስንቀንስ መቶ። እንግዲህ የአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ 7 ብር ነው። ተማሪዎቹ በእያንዳንዱ ሲኒ 1 ብር ከ40 ተሳስተዋል። በቀን 80 ሲኒ ለሚሸጥ ሰው ይህ 112 ብር ነው፤ ከረዳቲቱ የቀን ደመወዝ ከግማሽ በላይ። እኔም ወረቀቱን መጀመሪያ ሳየው ስህተቱ አልታየኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ መልክ ያዘ። ወጪውን በሁለት ከፈሉት። አንደኛው ከእያንዳንዱ ሲኒ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው፤ ቡናው 7 ብር፣ ስኳሩ አንድ ብር ተኩል፣ ውኃውና ጤና አዳሙ 50 ሳንቲም፤ በድምሩ 9 ብር። ሁለተኛው አንድም ሰው ባይመጣ የሚወጣ ነው፤ ከሰል 130፣ የቦታ 120፣ የረዳቲቱ 200፣ ቄጤማና እጣን 50፣ ለሚሰበር ሲኒ መጠባበቂያ 20፤ በቀን 520 ብር። በ20 ብር ሲሸጥ ከአንድ ሲኒ 11 ብር ይተርፋል፤ 520ውን ለመሸፈን 48 ሲኒ መሸጥ አለበት። ሴትዮዋ ለራሳቸው መሥራት የሚጀምሩት ከ49ኛው ሲኒ ነው። በ80 ሲኒ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው ይዘው የሚገቡት 360 ብር ነው። ቁጥሮቹ የዚያ ሰፈርና የዚያ ሰሞን ናቸው፤ ሌላ ቦታ የሚሠራ ሰው የራሱን መጠየቅ አለበት።

አሁን «ተመጣጣኝ ዋጋ» የሚለውን ቃል በዚህ ቁጥር ፊት እንመልከተው። ዋጋው 25 ብር ቢሆን ከአንድ ሲኒ 16 ብር ይተርፋል። ያንኑ 360 ብር ለማግኘት 55 ሲኒ ይበቃል። ማለትም ሴትዮዋ 5 ብር ጨምረው ከ80ው ሲኒ 25ቱ ቢቀርባቸው እንኳ ገቢያቸው አይነካም፤ ድካማቸው ግን ይቀንሳል። ተማሪዎቹ ይህን ሲያዩ በደስታ ዘለሉ፤ የዕቅዳቸው መልስ ዋጋ መጨመር ሆነ ማለት ነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። የሚቀሩት 25 ሲኒዎች የማን ናቸው?

መልሱን ለማግኘት ሦስት ቀን ተቀምጠው ቆጠሩ። በየግማሽ ሰዓቱ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ሲኒ እንደጠጣና ስንት ደቂቃ እንደተቀመጠ ጻፉ። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሊሠሩ ሲሉ ተርፈዋል። መጀመሪያ የመረጧቸው ቀናት ረቡዕና አርብ ነበሩ፤ ክፍል የሌላቸው በእነዚያ ቀናት ስለሆነ። ረቡዕና አርብ ግን የጾም ቀናት ናቸው። ማኪያቶ የሚጠጣው የቢሮ ሰው ወተት ስለማይነካ ወደ ጀበና ቡና ይመጣል፤ አጥብቆ የሚጾመው ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም። በሁለቱ ቀናት የተቆጠረው የሳምንቱን መልክ አያሳይም። ስለዚህ ሰኞን፣ ረቡዕንና ሐሙስን ወሰዱ። ዐቢይ ጾም ቢሆን ኖሮ ይህም አይበቃም ነበር።

ቆጠራው ሁለት ደንበኞችን ለየ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት የሚመጡት የግንባታ ሠራተኞች ናቸው። ዳቧቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ስኳር አብዝተው ያዛሉ፣ ብዙዎቹ ሁለት ሲኒ ይጠጣሉ፣ በአሥር ደቂቃ ይሄዳሉ። እነርሱ የሚገዙት ቁርስ ነው። ከ4 ሰዓት ጀምሮ የሚመጡት የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። አንድ ሲኒ ይዘው ሩብ ሰዓት ያወራሉ። እነርሱ የሚገዙት ከጠረጴዛቸው ተነስቶ መቀመጥን ነው፤ ቡናው ሰበቡ ነው። እጣኑንና ቄጤማውን የሚያዩት እነዚህ ናቸው፤ የጠዋቶቹ እግራቸው ሥር ያለውን እንኳ አያዩም። «ምርት» በሚለው ርዕስ ሥር ሊጻፍ የሚገባው ይህ ነበር። በአንድ ጀበና ሁለት የተለያየ ነገር ይሸጣል።

ዋጋው 25 ቢሆን የሚቀሩት የጠዋቶቹ ናቸው። ለእነርሱ ሁለት ሲኒ 40 ብር ከነበረ 50 ይሆናል፤ መንገዱን ተሻግሮ ያለው ቦታ ደግሞ አሁንም 20 ነው። እነርሱ ከሄዱ ደግሞ ከሰሉ የሚቀጣጠለው ለባዶ በርጩማ ነው። ታዲያ ለአንዱ 20 ለሌላው 25 ይባል? ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ቡና የሚጠጡ ሁለት ሰዎች የተለያየ ዋጋ ከከፈሉ ነገሩ በዚያው ቀን ይሰማል፤ ሴትዮዋም ስማቸው ይጠፋል። ዋጋን መለየት የሚቻለው የሚሸጠው ነገር ራሱ ሲለይ ነው። ተማሪዎቹ ያመጡት ሐሳብ ይህ ነበር፤ ተቀምጦ ለሚጠጣ 20፣ ቢሮው ድረስ በፔርሙዝ ለሚሄድለት 25። ጥሩ ሐሳብ ነው። «ቦታ» ማለት ጥላው የቆመበት መሬት ብቻ አይደለም፤ ቡናው ጠጪው እጅ የሚደርስበት መንገድ ሁሉ ነው። ግን ልጅቱ ፔርሙዝ ይዛ ፎቅ ስትወጣ ሲኒ ማን ያጥባል? ሲኒዎቹስ ተቆጥረው ይመለሳሉ ወይ? ቢሮ ያለ ሰው «ወር ሲደርስ እከፍላለሁ» ቢልስ? ዱቤ የሚጻፍበት ደብተር፣ ለሳምንት ብቻ የሚል ገደብና ሰው የማይበዛበት ሰዓት ያስፈልጋል። ተማሪዎቹ ይህን ለ8 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ላለው ቀዝቃዛ ጊዜ አደረጉት። ትክክል ይመስለኛል።

ይሁንና ከቆጠራው የተገኘው ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ከ4 ሰዓት እስከ 4 ተኩል ባለው ጊዜ በአማካይ 29 ሰው መጥቶ ነበር። የጠጣው 18 ነው። አሥራ አንዱ መጥቶ፣ ቆሞ፣ አይቶ ሄዷል።

ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ጀበናው መመልከት ነው። የሴትዮዋ ጀበና በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ሲኒ ይቀዳል። ውኃው ከተጣደበት አንሥቶ ቡናው ገብቶ፣ ገንፍሎ፣ ወርዶ እስኪሰክን ድረስ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። አንዱ ጀበና ለ4 ሰዓት ደርሶ ከተቀዳ ቀጣዩ የሚደርሰው 4 ከ20 ነው። በግማሽ ሰዓት ሁለት ጀበና፣ 18 ሲኒ። ከዚህ በላይ ሊሆን አይችልም። ቢሮ ያለው ሰው ዕረፍቱ ግማሽ ሰዓት ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ቆሞ አይጠብቅም።

በዚህ ሰዓት የሚሠራ አንድ ብልሃት አለ፤ ሳይሰክን መቅዳት፣ ወይም በአተላው ላይ ውኃ ጨምሮ ትንሽ ዱቄት ጣል አድርጎ ማውጣት። ቤት ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን በአንድ አተላ ሦስት ጊዜ ስንጠጣ ደስ ይለናል፤ እየቀጠነ እንደሚሄድ አውቀን ነው። ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ሰው ግን ሁልጊዜ አቦል ነው የሚጠብቀው። ብልሃቱ ያጓጓል፤ ከኪሎ 130 ሲኒ ቢወጣ በሲኒ 1 ብር ከ60 ይድናል፣ በ80 ሲኒ 128 ብር። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። የሚታየው ልጅቱ ለማጠብ በምትሰበስባቸው ሲኒዎች ነው። ግማሽ ላይ የተተወ ሲኒ ከበዛ፣ ወይም ከታች ወፍራም አተላ ከቀረ፣ ደንበኛው ሳይናገር ተናግሯል ማለት ነው። ተማሪዎቹ በሦስቱ ቀናት የተተዉ ሲኒዎችንም ቆጥረዋል፤ በቀን ከሁለት አይበልጡም ነበር። ሴትዮዋ አያቀጥኑም። ያላጠራጠረኝ የምርት ጥራት መለኪያ ይህ ነው፤ ከ«ጥራት ያለው ቡና» ይልቅ ይህን ቁጥር ነው የምፈልገው።

እንግዲህ መፍትሔው ሁለተኛ ጀበናና ሁለተኛ ምድጃ ነው። ጀበናው 300፣ ምድጃው 400 ብር። ከሰል በቀን 40 ብር ይጨምራል። የሚሄዱት 11 ሰዎች ቢጠጡ በ11 ብር ትርፍ 121 ብር፤ ከሰሉ ሲቀነስ 81። ሰባት መቶው ብር በዘጠኝ ቀን ይመለሳል። ዋጋ አልተነካም፣ የጠዋቶቹ አልተባረሩም። ተማሪዎቹ በመጨረሻ የወሰኑት ይህን ነው።

ማስተዋወቅን መጨረሻ ያደረግሁት ረስቼው አይደለም። ሁለተኛው ጀበና ሳይመጣ ማስተዋወቅ ጎጂ ነበር። በ4 ሰዓት ተጨማሪ አሥር ሰው ቢጠራ ቆሞ የሚሄደው 11 መሆኑ ቀርቶ 21 ይሆናል፤ መጥቶ ያጣ ሰው ደግሞ ካልመጣ ሰው ይብሳል፤ ሁለተኛ ጊዜ አይሞክርም። ለማን፣ በየትኛው ሰዓት የሚለው ካልታወቀ ማስታወቂያ ገንዘብ መበተን ነው። እንዲህ ላለ ቦታ ሬዲዮ ምንም አያደርግም፤ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ተጉዞ ለጀበና ቡና የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። የሚሠራው በቅርብ ያለ ነገር ነው። ሴትዮዋ ቡናውን የሚቆሉት ማታ ቤታቸው ነበር። ተማሪዎቹ ከዚያው ከሚቆላው ላይ አንድ እፍኝ ተይዞ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጥላው ሥር እንዲቆላ ሐሳብ አቀረቡ፤ ነፋሱ ወደ ሕንፃው ስለሚነፍስ ጭሱና ሽታው በመስኮት ይገባል። ተጨማሪ ወጪ የለውም። ለፔርሙዙ ደግሞ ለአምስት ቢሮዎች አንድ ጊዜ ሁለት ሁለት ሲኒ በነፃ ማድረስና የስልክ ቁጥር መተው። አሥር ሲኒ ማለት 90 ብር ነው። በሳምንት ውስጥ ከአምስቱ ሁለቱ ደውለው ካላዘዙ ሐሳቡ ይተዋል። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ነው ሙሉ ማርክ የሰጠኋቸው። ዕቅዱ መቼ እንደከሸፈ አስቀድሞ ጽፏል፤ ተማሪዎቼ ይህን እምብዛም አያደርጉም።

አሳይመንቱ እዚያ አለቀ። ሴትዮዋ ግን ወረቀቱን አስነብበው ሲያበቁ ዕቁባቸው ሲደርሳቸው ሁለተኛውን ጀበናና ምድጃ ገዙ። ተማሪዎቹ ማርካቸው ተሰጥቶ ካበቃ በኋላ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ተመልሰው በዚያችው ግማሽ ሰዓት ቆጠሩ። እንደገና 29 ሰው መጣ። 25ቱ ጠጡ። አራቱ አሁንም ቆመው አይተው ሄዱ።

«ቲቸር፣ ቡና እኮ ነበረ» አለችኝ ከመካከላቸው አንዷ፤ ተከፍታ ነበር። «መቀመጫ ነው ያጡት። ስምንት በርጩማ ነው ያላቸው፤ የቢሮ ሰው ደግሞ ሩብ ሰዓት ይቀመጣል።»

ስለዚህ ተጨማሪው ሽያጭ 11 ሳይሆን 7 ሲኒ ነው። 77 ብር፤ ከሰሉ ሲወጣ 37። ሰባት መቶው የሚመለሰው በዘጠኝ ሳይሆን በ19 ቀን። ሸራው ሥር ሁለት በርጩማ ብቻ ነው ሊጨመር የሚችለው፤ ከዚያ ካለፈ የእግረኛ መንገድ ይዘጋል፣ ደንብ አስከባሪም ይመጣል። ተማሪዋ ደብተሯን ከፍታ በ4 ሰዓት ቆሞ መጠጣት ለሚፈልግ የሚሆን አንድ ከፍ ያለ ጣውላ ከሕንፃው አጥር ጋር ቢጠጋ ስንት እንደሚያስወጣ አናጺ ጠይቃ የጻፈችውን አሳየችኝ።